ትክክለኛው ፓስወርድ ለምን እምቢ አለ?

ትናንት ማታ አክስቴ ከእስራኤል፣ ከነታንያ ደወለችልኝ። የሐኪም ቀጠሮ የምትይዝበት ድረ ገጽ አላስገባ ብሏታል። "አካውንቴን ሰው ገብቶበታል መሰለኝ" አለች፤ ድምጿ ተጨንቋል። ደጋግማ ከሳተች ገጹ ሊቆልፍባት ይችላልና፣ ከሁሉ በፊት እጇን ከኪቦርዱ እንድታነሳ ለመንኳት።

"እታለም፣ ከታች በቀኝ በኩል ሰዓቱ አጠገብ ምን ይላል?"

"የዕብራይስጥ ፊደል ነው።"

ነገሩ እዚያው ተፈታ። የአክስቴ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፤ እንግሊዝኛና ዕብራይስጥ ተጭነውበታል። በግራ በኩል ያሉት `Alt` እና `Shift` አብረው ሲነኩ ቋንቋው ይቀያየራል። ድምፅ የለውም፣ የሚጠይቅም የለም። ኢሜይሏን ገጹ ራሱ ስለሚሞላላት የመጀመሪያ ጽሑፏ ፓስወርዱ ነው። እሱ ደግሞ በነጥብ ተሸፍኗል።

ፓስወርዱ `Selam27` ነው እንበል። በዕብራይስጡ ኪቦርድ `e` ስትጫን `ק`፣ `l` ስትጫን `ך`፣ `a` ስትጫን `ש`፣ `m` ስትጫን `צ` ይወጣል። አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ስለሆነ ነጥቦቹ ያው ሰባት ናቸው፤ ቢቆጠሩም ምንም አይናገሩም። ቁጥሮቹ አይለወጡም። `Shift` ተይዞ የሚጻፈው ትልቁ `S` እንኳ በዚህ ኪቦርድ ላቲን ሆኖ ይወጣል። በቁጥር ብቻ የሆነ የሚስጥር ኮድ ሁልጊዜ ሲሠራ ይሄኛው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ሰርቨሩ የት ጣታችንን እንዳሳረፍን አያይም፤ የሚደርሰው ፊደሉ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን በሚመዘግብበት የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ `Selam27` ሰባት ባይት ሲሆን የተቀየረው አሥራ አንድ ይሆናል፤ እያንዳንዱ የዕብራይስጥ ፊደል ሁለት ባይት ይወስዳልና። ከዚያ የሚሰላው ሀሽ፣ ማለትም ሰርቨሩ ፓስወርዱን የሚያመሳክርበት ኮድ፣ ፈጽሞ ሌላ ነው። "ትንሽ ነው የሳትሽው" የሚባል ነገር የለም፤ መልሱ "የተሳሳተ ፓስወርድ" ብቻ ነው።

ይሄ ያናድደኛል። ፊደሉ ገና ሳይላክ ገጹ ያየዋል። "በዕብራይስጥ እየጻፍሽ ነው" ብሎ ማስጠንቀቅ ከባድ ሥራ አይደለም። እስከዚያው የዓይን ምልክት ካለ እሱን መጫን፣ ከሌለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደሎች ብቻ ሰነድ ላይ ጽፎ ማየት ይበቃል። ሙሉውን ግልጽ ቦታ ላይ መጻፍ ግን አልወድም።

አክስቴ `ENG` አድርጋ ገባች። ፓስወርዷን ለመቀየር ስትነሳ በመድረሴ ደስ ብሎኛል። ኪቦርዱ በዕብራይስጥ እያለ አዲስ ፓስወርድ ብታወጣ፣ ገጹ ከተቀበላት፣ ሁለቱም ሳጥኖች እኩል ስለሚሳሳቱ ምንም አይታወቅም ነበር። ችግሩ የሚወጣው በእንግሊዝኛ ስትሞክረው ነው። እንዲህ የገጠመው ሰው ወደዚያው ኮምፒውተር ተመልሶ፣ ዕብራይስጡን አብርቶ ይግባና ፓስወርዱን በ`ENG` እንደገና ይቀይር።