«ያው ጉንፋን ነው»

በክረምቱ መሀል ጅማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ አንዲት እናት የአራት ወር ልጇን አዝላ መጣች። «ጉንፋን ነው፣ ሲስተር። ታላቅ ወንድሙ ነው ያስያዘው» አለች። ነርሷ ትንፋሹን ለ15 ሰከንድ ቆጥራ በአራት አባዛች፤ 44 ሆነ። ውጭ ዝናብ ነበርና ልጁ እንዳይበርደው ልብሱን አልገለጠችም። አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በሁለተኛው ቀን እናትየው ተመልሳ መጣች። ልጁ ጡት ይይዝና ሁለት ሦስቴ ስቦ ይለቃል። ልብሱ ሲገለጥ፣ አየር በሳበ ቁጥር የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንድ ሙሉ ደቂቃ ሲቆጠር ትንፋሹ 66 ሆነ፤ በዚህ ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። የኦክስጅን መለኪያው 87 በመቶ አሳየ።

የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ስለዚህ የ15 ሰከንድ ቆጠራ የዘገየበት ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የአንዲት ትንፋሽ ስህተትም ሲባዛ አራት ይሆናል።

«ወንድሙ እኮ አፍንጫው ብቻ ነው የሚፈሰው» አለች እናትየው። ልዩነቱ እዚያው ላይ ነው። ተራ ጉንፋን የሚቀመጠው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ነው። ኢንፍሉዌንዛ በብዛት የሚያጠቃው ዋናውን የአየር ቧንቧና ትልልቅ ቅርንጫፎቹን ነው፤ በድንገት በትኩሳትና በቁርጥማት የሚጀምረው፣ ደረት የሚያቃጥል ደረቅ ሳልም የሚያመጣው እሱ ነው። አንዳንዴ ወርዶ የሳንባ ምች ይሆናል። የዚህ ልጅ ሕመም፣ ብሮንኪዮላይቲስ፣ ያለው ግን ከሁሉም ጥቃቅን በሆኑት ቅርንጫፎች ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው አርኤስቪ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ ይኸው ቫይረስ ታላቅ ወንድሙን ንፍጥ ብቻ አስይዞ ሊያልፍ ይችላል።

የቧንቧ ወርድ በግማሽ ሲጠብ አየሩን የሚገታው ኃይል 16 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። የአራት ወር ልጅ ቧንቧ ደግሞ መጀመሪያውኑ ጠባብ ነው፤ ትንሽ እብጠትና ንፍጥ ይደፍነዋል። አየሩ ይገባል፣ መውጣት ግን ይቸገራል፤ ሲተነፍስ የሚሰማው ፉጨት ከዚህ የመጣ ነው።

ፉጨቱን ሰምቶ ወደ ሳልቡታሞል መሮጥ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ የቧንቧውን ጡንቻ ያላላል እንጂ እብጠትና ንፍጥ አያነሳም፤ ስለዚህ እዚህ ብዙ አይረዳም። አሞክሲሲሊንም ቫይረስ አይነካም። ልጁ ሆስፒታል ተላከ፤ በአፍንጫው በደቂቃ 1 ሊትር ኦክስጅን ተሰጠው፤ ከመመገቡ በፊት ጨው ባለው ውኃ ጠብታ አፍንጫው ይጸዳለት ነበር፤ የታለበ የእናቱ ወተትም በቱቦ ተሰጠው። እንዲህ ባለ ፍጥነት እየተነፈሰ ቢጠባ ወተቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ሕመሙ የሚብሰው በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ቀን «ደህና ነው» የተባለ ሕፃን እናት መቼ መመለስ እንዳለባት ሳይነገራት መሄድ የለባትም። ልጁ ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን መለኪያው ያለ ኦክስጅን 94 በመቶ አሳየ፤ ሁለቱንም ጡት ጠባ። ሳሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል ለእናትየው ተነገራት። እሷም «ሳሉን ተዉት፣ ብቻ ይጥባ» ብላ አዝላው ወጣች።