ምጣዱን በ220 ቮልት አታስሉት

የመብራት ካርዳችንን ቶሎ የሚጨርሰው የትኛው ዕቃ እንደሆነ ለማወቅ ነው የፍጆታ መለኪያ የሠራሁት። ቤታችን ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አርዱይኖ የሚባል በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ፣ ሽቦ ላይ የሚቆነጠጥ ባለ 30 አምፔር የከረንት ሴንሰር፣ የራሱ ባትሪ ያለው ሰዓትና ሚሞሪ ካርድ ይበቃል። ሴንሰሩ የሚታሰረው በአንዱ ሽቦ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከያዘ የመጪውና የተመላሹ ከረንት ስለሚጣፋ ዜሮ ያነባል። ይህን ለኤሌክትሪሺያን ተዉት፣ የመብራት ሳጥኑን ራሳችሁ አትክፈቱ።

ብዙ ሰው ከረንቱን ለክቶ በ220 ያባዛና ዋት አገኘሁ ይላል። ሳላምነው በፊት ከቆጣሪው ጋር አስተያየሁት። ቆጣሪያችን ላይ 1600 ኢምፐልስ በኪሎዋት ሰዓት የሚል ተጽፏል፤ ማለትም ቀዩ መብራት 1600 ጊዜ ብልጭ ሲል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሄዷል ማለት ነው። ማታ ሌላውን ሁሉ አጥፍተን ምጣዱን ብቻ ለኮስነው። በአንድ ደቂቃ 71 ጊዜ ብልጭ አለ፤ 71 በ60 ተባዝቶ ለ1600 ሲካፈል 2.66 ኪሎዋት ይመጣል። ሴንሰሩ ግን 14 አምፔር ነው የሚለው፣ በ220 ሲባዛ 3.08 ኪሎዋት። ሶኬቱን በመልቲሜትር ስለካው 190 ቮልት ሆኖ ተገኘ። 14 በ190 ደግሞ ልክ 2.66 ነው።

ስለዚህ የቮልቴጅ ሴንሰር ጨመርኩበት። አሁን ሁለቱን እኩል እያነበበ፣ እያባዛ፣ የየደቂቃውን አማካይ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ይጽፋል።

ልዩነቱ የሳምንቱን መዝገብ ስገልጥ ነው ጎልቶ የታየኝ። እናቴ ማክሰኞ ማታ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ትጋግራለች። ማታ መብራቱ ስለሚደክም ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ፈጅቶ 4.7 ኪሎዋት ሰዓት በላ። ጠዋት በ215 ቮልት አንድ ሰዓት ከሩብ በቃው፣ 4.3 በላ። ምጣድ ግሎ በቆየ ቁጥር ሙቀት ወደ ቤቱ ያባክናላ! በ220 ብቻ ቢሰላ ኖሮ ማታ 5.4፣ ጠዋት 4.4 ይል ነበር፤ የ0.4 ልዩነት አንድ ሙሉ ኪሎዋት ሰዓት ሊመስለን ነው። እናቴ የማክሰኞውንም ወደ ጠዋት አዙራዋለች፣ ግን ጊዜ ለመቆጠብ ብላ እንጂ ለመብራት ካርዱ ያን ያህል አይደለም።

መብራት የጠፋበት ሰዓት መዝገቡ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ዜሮ ብላችሁ አትሙሉት፤ ባዶው ካልተለየ፣ መብራት ሲጠፋ ያደረ ሳምንት የቆጠብንበት ሳምንት ይመስላል። እኔ ሳምንትን ከሳምንት የማወዳድረው መብራት የነበረበትን ሰዓት ብቻ ቆጥሬ ነው።