ካርዷ ላይ የጻፍኩት

ሴትየዋ ፌስታል ይዛ ገባች። ከውስጡ የራጅ ፊልም አወጣችና «ሲስተር፣ እስቲ ይሄን እይልኝ» አለችኝ። ድሬ ውስጥ ወጉ አንቺ መባባል ነው።

በማህፀን በር ቀለም ተገፍቶ የሚነሳ ራጅ ነው። ቱቦዎቹ ጤነኛ ከሆኑ ቀለሙ እንደ ክር ቀጥኖ ይሄድና ጫፉ ላይ ወደ ሆድ ውስጥ ይፈሳል። የእሷ አልፈሰሰም። የግራውም የቀኙም ቱቦ ጫፉ ተደፍኖ፣ ውሃ እንደያዘ ፊኛ አብጧል። ልጅ መጠበቅ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። የባሏ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደህና ነው።

«ጨብጥ ወይም ሌላ የአባላዘር በሽታ ይዞሽ ያውቃል?» አልኳት።

«ኧረ በጭራሽ! ፈሳሽም አይቼ አላውቅ። አንዴ ብቻ ሆዴን አሞኝ እዚሁ መጥቼ ነበር።»

ካርዷን አስወጣሁ። «የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ሁለት ሳምንት። ከግንኙነት በኋላ ትንሽ ደም። ሽንት አያቃጥልም። ሽንት ምርመራ፣ ጥቂት ፐስ ሴል። የሽንት ኢንፌክሽን። ሲፕሮፍሎክሳሲን ለ3 ቀን።» ፊርማው የእኔ ነው።

ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሽንቷ አላቃጠላትም። ቶሎ ቶሎም አላሸናትም። ሕመሙ ከእምብርት በታች፣ በሁለቱም ጎን ነበር። ደሙንም ራሴ ጽፌዋለሁ። እኔ ግን የሽንቷን ወረቀት አምኜ ሸኘኋት። ክላሚዲያ የሚባለው የአባላዘር በሽታ ያለባት ሴት ሽንቷ ውስጥ ፐስ ሴል፣ ማለትም የመግል ሴል፣ ሊታይ እንደሚችል አውቅ ነበር። በዚያ ሙቀት ወረፋው በሩ ላይ ተደርድሮ ነበር፤ አልጋው ላይ ውጪ አላልኳትም። ጓንት አጥልቆ በሁለት ጣት የማህፀን ጫፍን ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ያን ጊዜ ከዘለለች ወይም ፊቷ ከተኮማተረ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦ መውጣቱን ለመጠርጠር ይበቃል። ሲፕሮውም የሚረባት አልነበረም። ጨብጥ ከተላመደው ቆይቷል፣ ክላሚዲያንም አያጠፋም። ሕመሙ ቀስ በቀስ ሲተዋት ግን የዳነች መሰላት።

ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ውጪ ተቀምጦ ስለነበር ፈቃዱን ጠይቄ ለብቻው አነጋገርኩት። አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ሆዷን ባመማት በዚያው ወር ሽንቱን አቃጥሎት መግል ወጥቶት ነበር። መንገድ ላይ ካለ ፋርማሲ መርፌ ተወግቶ ክኒን ውጦ በሳምንቱ ዳነ። አፍሮ ለሚስቱ አልነገራትም። በኋላ አብረው ሲገቡ ራሱ ነገራት። እሷ ብዙ አላለቀሰችም። ዝም ብላ ፊልሙን አጠፈችው።

ወንዱን ጨብጥ ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ያቃጥለዋል፣ መግል ያሳየዋል፣ ስለዚህ ይታከማል። ሴቷ ግን ከግማሽ የማያንሰው ጊዜ ምንም አይሰማትም። ክላሚዲያማ ይብሳል፤ ከአሥር ሴቶች ሰባቱ ስምንቱ ምልክት የላቸውም። ጀርሙ በዝምታ ወደ ላይ ይወጣና ቱቦው ውስጥ እንቁላሉን የሚገፉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያበላሻል፣ ጠባሳ ይተዋል። አንቲባዮቲክ ጀርሙን ይገድላል፣ ጠባሳውን ግን አይመልስም። እኔ ጋ በመጣች ጊዜ የባሏ መግል ብቸኛው ግልጽ ምልክቷ ነበር። «ባልሽ በቅርቡ መርፌ ተወግቷል?» ብላት ምናልባት አታውቅም ነበር። «ይዘሽው ነይ» ብላት ግን ይወጣ ነበር።

እኛ ጤና ጣቢያ የክላሚዲያ ምርመራ የለንም። ስለዚህ በጥርጣሬ ነው የምናክመው። አሁን ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት የታችኛው ሆዷን አሞኛል ካለችኝ፣ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አደርጋለሁ፤ ቱቦ ውስጥ የተያዘ እርግዝና ያው ሕመም አለውና። እሱ ካልሆነ በእጄ እመረምራታለሁ። ካመማት የሴፍትሪያክሶን መርፌ፣ ከዚያ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ14 ቀን፣ ሜትሮኒዳዞልም አብሮ። በ3ኛው ቀን ተመልሳ እንድትታይ እቀጥራታለሁ። ያን ጊዜ ካልተሻላት ወደ ሆስፒታል እልካታለሁ። ባልየው ምንም ባይሰማውም ይታከማል፤ ሁለቱም እስኪጨርሱ ግንኙነት የለም።

እሷን ወደ አዲስ አበባ፣ በላቦራቶሪ ፅንስ ወደሚሠራበት ክፍል ጻፍኩላት። ያበጡት ቱቦዎች ቀድመው መውጣት ወይም መታሰር እንዳለባቸው ነገርኳት፤ ውስጣቸው ያለው ውሃ ወደ ማህፀን እየፈሰሰ ፅንሱ የመያዝ ዕድሉን ይቀንሳል።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «ሲስተር፣ ያኔ ቶሎ መጥቼ ቢሆን ኖሮ?»

በጊዜ ብትታከምም ቱቦዋ ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ያንን ነገርኳት። ግን ጥያቄዋ እሱ ብቻ አልነበረም።

«መጥተሽ ነበር» አልኳት። «ያላየሁሽ እኔ ነኝ።»