ለ24 ሰው በተዘጋጀ ሥልጠና 37 ሰው የመጣበት ስህተቴ፦ ይቅርታና አዲሱ የቦታ አመዳደብ

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በተከራየነው አዳራሽ ለተካሄደው የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ሥልጠና ቦታ አግኝታችኋል ብዬ ጠርቻችሁ በር ላይ ቦታ ላጣችሁ 13 ሰዎች፣ ለእናንተ ሲሉ መቀመጫቸውን ለለቀቁትም ጭምር፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚያው ሳምንት ለእያንዳንዳችሁ ስልክ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ነገር ግን ምን እንደተፈጠረና አሁን ቦታ እንዴት እንደሚመደብ በጽሑፍ ማወቅ መብታችሁ ስለሆነ፣ ምዝገባውን የመራሁት እኔ እንደመሆኔ ከመነሻው እገልጻለሁ።

አዳራሹ 60 ወንበር ይይዛል። የሥልጠናው ቦታ 24 የሆነው በወንበር ሳይሆን በመለማመጃ አሻንጉሊቶቹ ብዛት ነው። 8 አሻንጉሊቶች አሉን፤ በአንዱ ላይ 3 ሰው ይለማመዳል። አሠልጣኞቹ 4 ነርሶች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ሁለት አሻንጉሊት ይከታተላሉ። ልብ ምቱ ለቆመ ሰው ደረቱን መጫን ተነግሮ የሚያዝ ትምህርት አይደለም። ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከ6 ግን ሳያልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላም ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ መልቀቅ አለበት። ብዙ ሰው አንድ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ክንዱ ይዝልና ሳይታወቀው ጥልቀቱ ይቀንሳል፤ ተረኞች በየ2 ደቂቃው የሚለዋወጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ተራ ከአሠልጣኙ እርማትና ከመለዋወጫው ጋር 5 ደቂቃ ይፈጃል። ለልምምድ ባለን 90 ደቂቃ ውስጥ 3 ሰው በአንድ አሻንጉሊት ሲመደብ ለእያንዳንዱ 6 ተራ ይደርሰዋል። 37ቱን ሰው ብናስገባ ኖሮ በአምስቱ አሻንጉሊቶች ላይ 5 ሰው፣ በቀሩት ሦስት ላይ 4 ሰው ይሆን ነበር፤ አምስት ሆኖ የሚሠራ ሰው የሚደርሰው 3 ተራ ብቻ ነው። «ተጠጋግተን እንሠራለን» ያላችሁኝ በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። እምቢ ያልኩት የመጀመሪያው ተራ አቀማመጥን በማስተካከል ስለሚያልቅና እጅ መለመድ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ነው።

ታዲያ 24 ቦታ እንዳለ እያወቅሁ ለ34 ሰው «ቦታ አግኝተዋል» የሚል መልእክት የላክሁት ለምንድን ነው? ከዚህ በፊት በተካሄዱት ሁለት ዙሮች 24፣ 24 ሰው ጠርተን በሁለቱም የመጡት 16 ብቻ ነበሩ። አሻንጉሊቶቹ ያለ ሥራ ተቀምጠው፣ ቦታ አጥተው የቀሩ ሰዎች መኖራቸውን እያሰብኩ በጣም አዘንኩ። ስለዚህ ከሦስት ሰው አንዱ ይቀራል ብዬ 34 ብጠራ 23 ያህል ይመጣሉ ስል አሰላሁ። ስሌቱ ራሱ ጉድለት ነበረበት። 23 አማካይ እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ምክንያት የሚመጣ ወይም የሚቀር ቢሆን እንኳ፣ ከአራት ጊዜ አንዱን ከ24 በላይ ሰው ሊመጣ ይችል ነበር። ሰዎች ደግሞ ተነጣጥለው አይመጡም። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተመዘገቡ አራት ባልደረቦች ከመጡ አብረው ይመጣሉ፣ ከቀሩም አብረው ይቀራሉ፤ ይህም የሚመጣውን ቁጥር ይበልጥ ያዋዥቀዋል።

ከዚህ የሚብሰውን ስህተት ያወቅሁት ግን ከቅዳሜው በኋላ ነው። በቀደሙት ሁለት ዙሮች ለቀሩት 16 ሰዎች ለምን እንደቀሩ ለመጠየቅ ደወልሁና 11ዱን አገኘሁ። አራቱ በማስታወቂያው ላይ «9:00» የሚለውን አይተው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መስሏቸው ነበር፤ ሥልጠናው የተጀመረው ግን ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከአራቱ አንዷ በ9 ሰዓት መጥታ አዳራሹ ተዘግቶ እንዳገኘችው ነገረችኝ። ሦስቱ ከተመዘገቡ በኋላ የማረጋገጫ መልእክት ስላልደረሳቸው ቦታ ያላገኙ መስሏቸው ቀርተዋል። የቀሩት አራቱ ሥልጠናው ረቡዕ ቀን በመዋሉ ከሥራ መውጣት አልቻሉም ነበር። እኔ «ከሦስት ሰው አንዱ ይቀራል» ያልኩት ነገር የሰዎቹ ጠባይ መስሎኝ ነበር፤ አብዛኛው ግን የገዛ ማስታወቂያዬ ውጤት ነበር። በሦስተኛው ዙር ሥልጠናውን ወደ ቅዳሜ አዛወርን፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፍን፣ በዋዜማው ለሁሉም ደወልን። የሚያስቀረውን ምክንያት በአንድ እጄ እያስወገድሁ በሌላው እጄ የድሮውን የቀሪ ቁጥር ተማምኜ ተጨማሪ ሰው ጠራሁ። ከ34ቱ 30 መጡ።

በዚህ ላይ ሌላ ጥፋት ተጨመረ። የመመዝገቢያ ቅጹን መዝጋት ከነበረብኝ ጊዜ ሁለት ቀን አሳልፌ ዘጋሁት፤ በእነዚያ ቀናት በቴሌግራም የተቀባበሉት 7 ሰዎች ሞሉት። ቅጹ ሲሞላ የሚያሳየው መልእክት «ምዝገባዎን ተቀብለናል» ይል ነበር። ለእኔ ይህ ስማቸው ደረሰኝ ማለት ነው፤ ለሚያነበው ሰው ግን ቦታ አገኘሁ ማለት ነው፤ ሊያነበው የሚገባውም እንደዚያ ነው። ሰባቱም መጡ፤ ጠቅላላው 37 ሆነ።

በዕለቱ የወሰድሁት የመጀመሪያው እርምጃም ትክክል አልነበረም። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይግባ አልሁ። ከፒያሳና ከማራኪ በእግር ወይም በባጃጅ የመጡት 3 ሰዓት ሳይሞላ ገብተው ተቀመጡ። ከደባርቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዘው፣ ከቆላ ድባና ከአይከልም ሚኒባስ እስኪሞላ ጠብቀው የመጡት ሲደርሱ ቦታው አልቆ ነበር። በር ላይ ከቀሩት 13 ሰዎች 7ቱ ከከተማው ውጭ የመጡ መሆናቸውን ያወቅሁት አንዲት እናት ከደባርቅ በሌሊት መነሳታቸውን ሲነግሩኝ ነው። ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ፣ ከከተማው የመጣችሁ ፈቃደኛ የሆናችሁ ቦታ ልቀቁልኝ ብዬ ጠየቅሁ። አምስት ሰዎች ተነሡ። እነዚህን አምስት ሰዎች በተለይ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ሊቀርብላቸው አይገባም ነበር።

ያለ ቦታ ለቀሩት ለ13ቱም የደርሶ መልስ መጓጓዣቸውን ከፍለናል። ከእነርሱ ሁለቱ ከሩቅ የመጡ ስለነበሩ የሌሊቱን ማረፊያ ሸፍነናል። ከአራቱ አሠልጣኞች ሦስቱ ዕረፍታቸውን ትተው በማግሥቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ለሚያስቀድሱትም እንዲመች ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረው ሁለተኛ ሥልጠና ሰጡ። በሦስት አሠልጣኝ 6 አሻንጉሊት ስለሚሠራ 18 ቦታ ነበር፤ 13ቱም ቢመጡ ይበቃ ነበር። ዘጠኙ መጡ። ለማይመቻቸው ለአራቱ የነገው ሥልጠና ቦታቸው ያለ ዕጣ ተጠብቆላቸዋል።

አሁን ቦታ የሚመደበው እንዲህ ነው። 24 ማለት 24 ነው፤ ይቀራሉ ብለን ከዚህ በላይ አንጠራም። ቅጹን የሚሞላ ሰው የሚያነበው «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ቦታ ግን ገና አልተሰጠዎትም። ቦታ ካገኙ የቦታ ቁጥር ያለበት አጭር መልእክት ይደርስዎታል፤ ቁጥር ሳይደርስዎ እንዳይመጡ እንለምናለን» የሚለውን ነው። ቅጹ ለሦስት ቀን ክፍት ይሆናል፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቀድሞ መመዝገብ ብልጫ አይሰጥም። ቅደም ተከተልን የተውነው መረብ በየሰዓቱ የሚያገኘውንና የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ያለውን ሰው ብቻ ሲጠቅም ስላየን ነው። ስልክ ደውሎ ወይም በአካል መጥቶ ስሙን ያስመዘገበ ሰውም በዚያው አንድ መዝገብ ይገባል፤ ሁለት መዝገብ መያዝ ቀርቷል።

ለነገው ሥልጠና 58 ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ 15ቱ ከከተማው ውጭ የመጡ ናቸው። ከ24ቱ ቦታ አራቱ ለባለፈው ባለመብቶች ሲያዙ 20 ቀረ። ከ20ው 6ቱን ለከተማው ውጭ ነዋሪዎች ለይተን በ15ቱ መካከል ዕጣ አወጣን። ያልወጣላቸው ዘጠኙ ከከተማው 43 ጠያቂዎች ጋር ተቀላቅለው ለቀሩት 14 ቦታዎች እንደገና ዕጣ ውስጥ ገቡ። ዕጣው ባለፈው እሑድ በተመዝጋቢዎች ፊት ወጥቷል፤ ቁጥር የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ያወጣው ከተመዝጋቢዎቹ አንዱ ነው። 14ቱ ከሞሉ በኋላም ማውጣቱ አልቆመም፤ 38ቱ የቀሩ ቁጥሮች በወጡበት ቅደም ተከተል ተጽፈው የተጠባባቂ ተራ ሆነዋል። ዕጣ አንዱን ሰው ደጋግሞ ሊያስቀረው እንደሚችል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያልወጣለት ሰው በሦስተኛው ሁለት ወረቀት ይገባለታል። ይህ ዕድሉን ከፍ ያደርጋል እንጂ ቦታ አያረጋግጥም፤ ከአሁኑ ብነግራችሁ ይሻላል።

ቦታ የደረሰው ሰው እስከ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት «እመጣለሁ» ብሎ ካልመለሰ፣ አንድ ጊዜ ደውለን ካላገኘነው ቦታው ለተጠባባቂ ይተላለፋል። ሐሙስን የመረጥነው ከደባርቅ ወይም ከአይከል የሚጠራ ተጠባባቂ ለመዘጋጀት ሙሉ አንድ ቀን እንዲኖረው ነው። ትናንት አምስት ሰዎች ሳያረጋግጡ ቀርተው ከተጠባባቂዎቹ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጠራን። አንዷ እንደማይመቻት ስትገልጽ ስድስተኛው ተተካ፤ ሦስተኛዋ ተጠባባቂ የደባርቅ ነዋሪ ስትሆን ነገ ትመጣለች።

ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በሩ ላይ የምቀበላችሁ በቦታ ቁጥር ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ ቦታውን የሚያጣበት ምክንያት የለም፤ በመንገድ ላይ ሆኖ ከደወለልን እንጠብቀዋለን። እስከ 3 ሰዓት ከ20 ድረስ ያልመጣና ያልደወለ ሰው ካለ፣ ቤታቸው ለአዳራሹ ቅርብ የሆኑና እቤታቸው ሆነው ጥሪ ለመጠበቅ የተስማሙ ሦስት ተጠባባቂዎች በተራቸው ይደወልላቸዋል። እነርሱን ደጃፍ ላይ ቁሙ አላልናቸውም። ካልተሳካ አንድ ቦታ ባዶ ሆኖ ይውላል።