በዘጠኝ ቁጥሮች አንድ ሙሉ ትምህርት፦ ስታቲስቲክስን በአንድ ምሳሌ ያስተማርኩበት መንገድ

የስታቲስቲክስ መግቢያ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ለአማካይ የፈተና ውጤት፣ ለሚዲያን ደመወዝ፣ ለስርጭት ደግሞ የሰዎች ቁመት በምሳሌነት ይቀርባል። እያንዳንዱ ምሳሌ ለቦታው የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ አዲስ ታሪክ፣ አዲስ መለኪያና አዲስ ቁጥሮች መልመድ ስላለበት፣ ለሐሳቡ ሊያውለው የሚገባው ትኩረት ከፊሉ እዚያው ያልቃል። የትምህርት ሳይኮሎጂ ተመራማሪው ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት አንድን ጥያቄ ለመፍታት የሚወጣው ጥረት ለመማር የሚያስፈልገውን የአእምሮ አቅም ሊሻማ እንደሚችል አሳይቷል፤ እኔም ገለጻዬን ሳዘጋጅ ያሳሰበኝ ይኸው ሽሚያ ነበር። ስለዚህ ከአማካይ እስከ ናሙና ያሉትን አራት ክፍሎች በአንድ ምሳሌ ብቻ ለማስኬድ ወሰንኩ።

ምሳሌው ወረፋ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ተራቸው እስኪደርስ የጠበቁት ጊዜ በደቂቃ ሲቆጠር 4፣ 5፣ 6፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 10 እና 35 ነው።

እነዚህን ቁጥሮች የመረጥኳቸው ከገለጻው መጨረሻ ወደ መጀመሪያው እየተጓዝኩ ነው። በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎቹ ትንሽ ናሙና ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል እንዲያዩ ስለፈለግሁ፣ ከሌሎቹ ርቆ የሚገኝ አንድ ቁጥር የግድ ያስፈልገኝ ነበር። ድምሩ 90 ስለሆነ አማካዩ 10 ይሆናል፤ ይህም ያለ ካልኩሌተር ይሠራል። የሰዎቹ ብዛት ጎዶሎ ቁጥር በመሆኑ ሚዲያኑ፣ ማለትም ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው፣ አምስተኛው ሰው የጠበቀው 7 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ቁጥሮችን ደምሮ ለሁለት ማካፈል የሚባለው ጉዳይ በዚህ ደረጃ አይነሳም። 6 ሁለት ጊዜ እንዲገባ ያደረግሁትም ሆን ብዬ ነው፤ ምክንያቱም የተደጋገመ ቁጥር አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁለት ጊዜ የሚቆጠረው የሚለው ጥያቄ በጀማሪዎች ዘንድ ዘወትር ስለሚነሳ፣ መልሱ ከምሳሌው ውስጥ ቢገኝ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የ35 መጠን ነበር። በእሱ ቦታ 14 ቢገባ አማካዩ 7.7 ገደማ ይሆንና ከሚዲያኑ ጋር ያለው ልዩነት ስለማይታይ ሁለተኛው ክፍል የሚናገረው ያጣል። 350 ቢገባ ደግሞ አማካዩ 45 ይሆናል፤ ልዩነቱ ጎልቶ ቢወጣም ተማሪው ቁጥሩን የአጻጻፍ ስህተት አድርጎ ይሰርዘዋል። ሠላሳ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ግን በማንም ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ስለሆነ በቀላሉ አይጣልም፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ምን እናድርገው የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይዘልቃል።

ክፍሎቹን የሚያያይዘው ግን ቁጥሮቹ መደጋገማቸው ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ሲያበቃ በእነዚያው ቁጥሮች ላይ የሚነሳ፣ እስከዚያ በተማርነው መሣሪያ የማይመለስ ጥያቄ እተዋለሁ፤ የሚቀጥለው ክፍል የሚጀምረው ያንን ጥያቄ በማንሳት ነው። የአማካይ ክፍል ሲያልቅ፣ «ከእነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ከአማካዩ በላይ የጠበቁት ስንት ናቸው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰባቱ ከ10 ደቂቃ በታች፣ አንዱ በትክክል 10 ደቂቃ ጠብቀዋል። ተማሪዎቹ «ታዲያ 10 የማን ቁጥር ነው?» ማለት ሲጀምሩ ሚዲያን ሳይጠራ ይመጣል።

በሁለተኛው ክፍል 35ን ወደ 60 እቀይረዋለሁ፤ አማካዩ ወደ 12.8 ገደማ ሲወጣ ሚዲያኑ ግን 7 ላይ እንዳለ ይቀራል። ከዚያ ወደ ቀድሞው ቁጥር ተመልሼ፣ 7 የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው ስለ ሠላሳ አምስቱ ደቂቃ ምን ሊያውቅ እንደሚችል እጠይቃለሁ። ስርጭት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዘጠኙን ሰዎች እንደ ሙሉ ስብስብ ወስደን እያንዳንዱ ቁጥር ከ10 ያለውን ርቀት በራሱ ስናባዛና ስንደምር 732 እናገኛለን፤ ከዚህ ውስጥ 625ቱ የመጣው ከአንዱ ሰው ነው። 732ን ለዘጠኝ አካፍለን ዳግም ዘር ስናወጣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 9 ገደማ ይሆናል፤ 35ን አውጥተን በስምንቱ ሰዎች ብቻ ብንሠራው ግን ከ2 በታች ይወርዳል። ተማሪው ቀመሩ ርቆ ለወጣ ቁጥር ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ የሚያየው ቀድሞ በሚያውቀው ሰው ላይ ስለሆነ ማብራሪያዬ አጭር ሆኗል።

ከሁሉ የምወደው የናሙናው ክፍል ነው። ዘጠኙን ቁጥሮች በወረቀት ቁራጮች ላይ ጽፌ እያንዳንዱ ተማሪ ሳያይ ሦስት እንዲያወጣና አማካይ እንዲሠራ አደርጋለሁ። 35 ካልወጣ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛው አማካይ 9 ነው፤ ይህም 8፣ 9 እና 10 ሲወጡ ነው። 35 ከወጣ ደግሞ ዝቅተኛው 14.7 ገደማ ነው፤ ይህም ከ4 እና ከ5 ጋር ሲወጣ ነው። ስለዚህ እውነተኛው አማካይ 10 ሆኖ ሳለ የማንም ናሙና 10 ሊሰጥ አይችልም፤ ሁለት ሦስተኛው ከበታች፣ አንድ ሦስተኛው እጅግ ከበላይ ያርፋል። ይህን በአዲስ ምሳሌ ለማሳየት ብሞክር ተማሪው መጀመሪያ እውነተኛው አማካይ ስንት እንደሆነ ማወቅ ይኖርበት ነበር። እዚህ ግን 10 መሆኑን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ይዞት መጥቷል።

በስላይዶቹ ላይ አጥብቄ የጠበቅኩት አንድ ደንብ አለ። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 40 በተዘረጋ አንድ መስመር ላይ በነጥብ ይታያሉ፤ መስመሩም በሁሉም ስላይድ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ርዝመት፣ 35ም በአንድ ቀለም ይቀመጣል። 35ን ወደ 60 ስቀይር እንኳ የመስመሩን መለኪያ አልለውጠውም፤ ነጥቡ በቀስት ከስላይዱ ጠርዝ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ሶፍትዌሩ መለኪያውን በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ የቀሩት ስምንት ነጥቦች ወደ ግራ ይጠጋጉና ተማሪው ሌላ መረጃ የመጣ ይመስለዋል።

አንድ ምሳሌ ይዞ መዝለቅ የራሱ አደጋ አለው፤ ተማሪው የምሳሌውን ጠባይ የሐሳቡ ጠባይ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በወረፋው ውስጥ አማካዩ ዘወትር ከሚዲያኑ ስለሚበልጥ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው ብሎ የሚደመድም አይጠፋም። ይህን የማውቀው ወረፋ የሚል ቃል በሌለበት ጥያቄ ነው። በገለጻው ማብቂያ 20፣ 70፣ 72፣ 75 እና 78 የሚሉ አምስት የፈተና ውጤቶችን አቀርብና፣ ሳያሰሉ የትኛው እንደሚበልጥ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። አማካዩ 63፣ ሚዲያኑ 72 ነው። «አማካዩ ይበልጣል» ብሎ የጻፈ ተማሪ የያዘው ወረፋውን እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ ከእሱ ጋር ወደ ነጥቦቹ መስመር ተመልሼ ርቆ የወጣውን ቁጥር በግራ በኩል እንዲያስቀምጠው አደርጋለሁ።

ሁለት ነገሮች ስላላቸው ዝምድና ለማስተማር ግን ይህ ምሳሌ አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ያለን ቁጥር አንድ ብቻ ነውና። የመጡበትን ሰዓት በሁለተኛ ዓምድ ጨምሬ ላስኬደው አስቤ ነበር፤ ሆኖም በሰዓት ልክ የሚጨምር ወረፋ ለመፍጠር ተማሪዎቹ የለመዱትን ቅደም ተከተል ማፍረስ ግድ ስለሚሆን ተውኩት። ዝምድና ራሱን የቻለ ገለጻ፣ የራሱም ምሳሌ አለው።