ስሙ ጠፋ፣ ፋይሉ ግን አለ

ድሬ ላይ አለቃን «አንተ» ማለት ብርቅ አይደለም። እኔም ሥራ አስኪያጃችንን ፊት ለፊት «አንቺ» ነው የምላት። ጥፋቴን በኢሜይል ለመጻፍ ስቀመጥ ግን ጣቴ ራሱ «እርስዎ» ብሎ ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ካሸሯ ሽያጭ መመዝገብ አቃታት። የቢሮው ሰርቨር `No space left on device` ይላል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ደረሰኝ በእጇ ስትቆርጥ ዋለች። ከሰዓት በኋላ የላክሁት ኢሜይል ይኸው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰርቨሩ የቆመው ዲስኩ ስለሞላ ነው። የሞላው ደግሞ በእኔ ጥፋት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሽያጭ ፕሮግራሙ ሲያስቸግረን ችግሩን ለማግኘት ዲበግ አበራሁ። እንዲህ ሲሆን ፕሮግራሙ እያንዳንዷን እርምጃ ሎግ ፋይል ላይ ይጽፋል። ችግሩ ተገኘ፣ እኔ ግን ማጥፋቱን ረሳሁት። ሎጉ በቀን 2 ጊጋባይት ያህል ሲያድግ ሰነበተ።

ቅዳሜ ከ98 ጊጋባይት 94ቱ መያዙን አየሁ። ሎጉን በ`rm` አጠፋሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። መልሼ አላየሁም።

ዛሬ `df` ዲስኩ ሙሉ ነው አለኝ። በ`du` ፋይሎቹን ስደምር ግን 59 ጊጋባይት ብቻ ናቸው። 39 ጊጋባይት የት ገባ? ሊኑክስ ላይ `rm` የሚያነሳው የፋይሉን ስም ነው። ፋይሉን የከፈተ ፕሮግራም እስካለ ድረስ ቦታው አይለቀቅም። የበሩን ቁጥር ነቀልኩ እንጂ ተከራዩ አልወጣም። ጭራሽ ሰኞ ድረስ መጻፉን ቀጥሏል። ያገኘሁት በዚህ ነው፦

```
sudo lsof +L1
```

ስማቸው ጠፍቶ ገና ክፍት የሆኑ ፋይሎችን ያወጣል። የእኛው ሎግ `(deleted)` ተብሎ ተቀምጧል። ፕሮግራሙን አጥፍቼ ሳስነሳው ቦታው ወዲያው ተለቀቀ። ዲበጉንም አጥፍቻለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ `logrotate` ሎጉን በየቀኑ ያዞራል፣ የ7 ቀን ብቻ ያስቀራል። ፕሮግራማችን ሎጉን ዘግቶ እንደገና መክፈት ስለማይችል `copytruncate` ተጠቅሜያለሁ፤ ማለትም ሎጉን ይቀዳና ዋናውን ባዶ ያደርገዋል። በመቅዳትና በማጽዳት መካከል ጥቂት መስመር ሊጠፋ ይችላል። የሽያጭ መዝገቡን ግን አይነካም። ዲስኩ 80 በመቶ ሲደርስም ለእኔም ለእርስዎም መልእክት ይመጣል። ዲበግ ሳበራ ደግሞ የሚጠፋበትን ሰዓት አብሬ እሞላለሁ።»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ መልሱ በ10 ደቂቃ መጣ። የሎጉን ጉዳይ አንድ ቃል አላነሳችም።

«ገብቶኛል። ጠዋት በእጅ የተቆረጡት ደረሰኞች 22 ናቸው። እነሱን ኮምፒውተር ላይ የምታስገባው አንተ ነህ።»

በዚያ የድሬ ሙቀት፣ ካሸሯ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያነበበችልኝ አስገባኋቸው። 14ኛው ላይ ጽሑፏን ማንበብ ለራሷም አቃታት።