የድንቹ ውሃ ይደፋ

የአባዬ የደም ምርመራ ውጤት ባለፈው ሳምንት መጣ። ፖታሲየማቸው 4.9 ሆኗል። በጾሙ መግቢያ 5.9 ነበር። መድኃኒታቸው አልተቀየረም፤ የተቀየረው ምግቡ ነው። ደስ ስላለኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

አባዬ ኩላሊታቸው ደክሟል፤ ፖታሲየምን በደንብ አያስወጣም። እጥበት ግን አልጀመሩም። ሙዝና አቮካዶ መተው አልከበዳቸውም። ያስቸገረን ድንች ነው። ጾም ሲገባ ያለ ድንች ወጥ አይሆንላቸውም፤ እኔም ከቅዳሜ ገበያ ሳልገዛ አልመለስም።

የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ዘፍዝፊው» አለኝ። ማታ ልጬ ሙሉውን እዘፈዝፋለሁ፤ ጠዋት ውሃውን ደፍቼ ቁሌቱ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ወር ሙሉ እንዲህ ሠራሁ። ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ጠየቀችኝ።

«የት ነው የሚበስለው?»

«ወጡ ውስጥ።»

«እንግዲያው ፖታሲየሙም እዚያው ነው። በእንጀራ እየጠቀሱ ይበሉታል።»

ፖታሲየም ያለው ድንቹ ሴሎች ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙም አያወጣውም፤ ሙቀት ሴሎቹን ሲያፈርስ ነው የሚለቀው። አሁን አንድ ሳንቲሜትር ያህል አድርጌ እከትፈዋለሁ። በብዙ ውሃ አሥር ደቂቃ አፈላዋለሁ፤ እደፋለሁ። በአዲስ ውሃ እስኪበስል ቀቅዬ እንደገና እደፋለሁ። ቁሌቱ ውስጥ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ተከትፎ ሲቀቀል ግማሽ ያህሉ ፖታሲየም ይወጣል፤ ቢፈቀፈቅ ደግሞ ይበልጥ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ግን አይወጣም፤ ስለዚህ አባዬ የሚበሉት አንድ ጭልፋ ነው። የቲማቲም ድልህንም ከቁሌቱ አስወጥቻለሁ፤ ፖታሲየሙ የታመቀ ነው። በኔ እምነት መዘፍዘፍ ብቻውን ከንቱ ልፋት ነው።

ሽሮ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። ዱቄቱ ወጡ ውስጥ ስለሚቀር የሚደፋ ውሃ የለም። እኔም ፈርቼ ሽሮውንም፣ ክኩንም፣ ምስሩንም ከለከልኳቸው። ይህ ጥፋቴ ነው። እንጀራና ጎመን ብቻ ሲበሉ ሦስት ኪሎ ቀነሱ፤ ጉልበታቸውም ከዳቸው። 60 ኪሎ ለሚመዝኑት ለአባዬ ሐኪሙ ያዘዘው ፕሮቲን በቀን 48 ግራም ገደማ ነበር። እኔ ከዚያ በታች አወረድኳቸው። የሚቀነስ እንጂ የሚጠፋ ነገር አልነበረም።

አሁን ክክ መልሻለሁ። 50 ግራም ደረቅ ክክ 12 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በብዙ ውሃ ቀቅዬ ውሃውን እደፋና ቁሌቱ ላይ እጨምረዋለሁ። ፎስፈረሱስ? እሱንም የደከመ ኩላሊት በደንብ አያስወጣም። ከጥራጥሬ ፎስፈረስ ሰውነት የሚወስደው ግማሽ ያህሉን ነው፤ ፋብሪካ የጨመረውን ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይወስዳል። ስለዚህ ኮላ ቤታችን አይገባም።

እጥበት ላይ ያለ ሰው የምታበስሉ የኔን 48 ግራም አትውሰዱ። እጥበቱ ራሱ ፕሮቲን ስለሚያስወጣ እነሱ የሚታዘዝላቸው ከፍ ያለ ነው። ሌላው ደግሞ «ለግፊት የሚሆን ጨው» ነው፤ ሶዲየሙን ቀንሰው በምትኩ ፖታሲየም የሚጨምሩበት አለ። እኔ አንድ እሽግ ገዝቼ ነበር፤ ጀርባውን ሳነብ ነው የተውኩት።

ትናንት አባዬ ክክ አልጫ በሉ። ጨው ጎደለው አሉ፤ ሎሚ ጨመቅሁላቸው።